ለትራስፌሪሜንቶ የመረጥኩት ቃል

ዓለም ገና ላይ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ አንዲት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ነበረችኝ። ጣልያንኛ የለመድኩት በወጣትነቴ አንድ የጣልያን መንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ደንበኞቼ የልደትና የጋብቻ ወረቀት የሚያስተረጉሙ ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛ የመጣች የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አንዲት ልጅ ናት።

የፉሪ ገበሬ ልጅ ናት። ጣልያን አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን ተምራ ገና መመለሷ ነበር። ጥናቷ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ገበሬው ምን እንደሚሆን ነው። ሥራ ያመለከተችበት ኮሌጅ አኅጽሮተ ጥናቱ፣ ማለትም ከጽሑፉ ፊት ያለችው የአንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ ማኅተም ተመቶበት እንዲቀርብ ጠይቋታል። ኦሮምኛውን ራሷ ጽፋ ላነጋገረቻቸው ገበሬዎች ልታድል ነው ያሰበችው።

ከተማውን ሊያሰፋ የወጣው የማስተር ፕላን ነገር አገሩን ማመስ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ታክሲ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስሰጣት አባቷም አብረዋት መጡ። ረጅም፣ ደረታቸውን የሚያፍናቸው ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አረፉ። ልጅቷ ረቂቁን በእርሳስ እያከበበች አነበበች፤ ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ጣልያንኛው ላይ ትራስፌሪሜንቶ ያልኩት ሰባት ቦታ ነው። እርስዎ አንዱ ጋ ‹ዝውውር›፣ ሌላው ጋ ‹መነሳት›፣ እዚህ ደግሞ ‹መፈናቀል› ብለውታል።»

«አንድ ቃል ሲደጋገም ይሰለቻል ብዬ ነው» አልኳት።

«አንባቢው ግን በገበሬዎቹ ላይ ሦስት የተለያየ ነገር የደረሰ ይመስለዋል።»

አፈርኩ። ልክ ነበረች። በልደት ወረቀት የኖረ ሰው ይሄን አያውቀውም። ደብተር አወጣንና በግራ ጣልያንኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጻፍን፤ ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ። «ፖሴሶ» ይዞታ ተባለ፤ ባለቤትነት እንዳንለው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። «ኢንዴኒታ» መንግሥት በሕግ መሬት ሲያስለቅቅ የሚከፍለው ነውና ካሳ አልነው። «ሪዛርቺሜንቶ» ግን አንዱ ሌላውን ያለ ሕግ ሲጎዳ የሚከፍለው ስለሆነ፣ እሱንም ካሳ ብንል ሁለቱ ይደበላለቃሉ። ከሕግ መጽሐፍ ፈልገን የጉዳት ኪሣራ አልነው።

ሽማግሌው ካሉበት ሳቅ አሉ። «ኪሣራ የነጋዴ አይደለም እንዴ?»

«የሕግ አማርኛ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ትራስፌሪሜንቶ ላይ ስንደርስ ቆምን። ዝውውር የመንግሥት ሠራተኛ ያስመስላቸዋል፤ ጣልነው። መፈናቀል የሚለውን ደግሞ እሷው ተወችው። ጣልያን አገር ያለው አስተማሪዋ መጀመሪያ በጣልያንኛ የጻፈችውን ጠንካራ ቃል አሰርዞ፣ በአኅጽሮቱ ውስጥ ፍርድ የሌለበትን ተጠቀሚ ብሏት ነበር። እንግዲያው የቀረን መነሳት ነው። መሥሪያ ቤቶቹም የሚጠቀሙበት እሱኑ ነው፤ ሰዎቹን «የልማት ተነሺ» ይሏቸዋል። ሰባቱንም ቦታ መነሳት አልኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ስጨርስ ሽማግሌው «መነሳትማ ጠዋት ጠዋት እነሳለሁ፣ አዴ» አሉ። «ማታ ግን ተመልሼ ቤቴ እተኛለሁ።»

ልጅቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ንጹሑን ጽፌ ሰኞ እንድትወስድ ተቀጣጠርን።

ሰኞ መንገድ ተዘጋ። ጎማ ሲቃጠል ከሱቄ ደጃፍ ይሸት ነበር። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ዋልኩ። ከቀናት በኋላ ጎረቤቴ ሽማግሌው ማረፋቸውን ነገረችኝ። ደረታቸው ሲብስባቸው ልጃቸው ባጃጅ ለምና አሳፍራቸው ወጣች፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ነበርና ባጃጁ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ ቀየረ። ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ ትከሻዋ ላይ እንደተደገፉ ነው ያለፉት።

ለቅሶ በእግሬ ሄድኩ። የእኔም ቤት ፉሪ ነው፤ ከኮረብታው ጎን፣ ከጎረቤቶቼ ጋር በማኅበር የሠራነው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የሟች ወንድም ወደ ማዶ አሳየኝ። «ከእነዚያ ቆርቆሮ ቤቶች ጀምሮ እስከ ወንዙ የእሱ ማሳ ነበር። ጤፍ ነበር የሚዘራው።» የጣቱን አቅጣጫ አየሁ። ሦስተኛው ጣሪያ የኔ ነው። እሱ የት እንደምኖር አልጠየቀኝም።

ልጅቷ የመጣችው ጥቁር ለብሳ ነው። ንጹሑን ቅጂ አንብባ እንኳ ሳትጨርስ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«መነሳት የሚለው ይቀየር። መፈናቀል ይሁን።»

«የቱ ጋ?»

«ሰባቱም ጋ። አንድ ወጥ ይሁን ከተባባልን፣ አንድ ወጥ ይሆናል።»

«አንድ ወጥ መሆን ያለበትማ ከጣልያንኛው ጋር ነው።»

«ጣልያንኛውን ማን ጻፈው? እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ ነሽ። ግን ዩኒቨርሲቲው አስቀምጦታል። እኔ እዚህ ግርጌ ላይ ትርጉሙ ከዋናው ጋር ትክክል ነው ብዬ ፈርሜ ማኅተም እመታለሁ። ነገ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ቢመጣ ያንቺ ሥራ ነው የሚበላሸው።»

«ኦሮምኛው ላይ ቡቃኡ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች። «ከነሥር መነቀል ማለት ነው። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«ኦሮምኛው የራስሽ ነው፤ እንደፈለግሽ ጻፊው» አልኳት። «ይሄ ግን ትርጉም ነው።»

የተናገርኩት ሁሉ የሙያው ሕግ ነበር፤ ዛሬም ተማሪ ቢጠይቀኝ ይሄንኑ እላለሁ። ግን እያወራሁ ሳለ ሦስተኛው ጣሪያ ዓይኔ ላይ ነበር። መነሳት የሚለው ቃል ለጣልያንኛው ብቻ ሳይሆን ለእኔም ይመቸኝ ነበር። ተፈናቀሉ ከተባለማ ማን ገባበት ይባላል። ይሄን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ማኅተሙን መታሁ። አመስግናኝ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ከብዙ ወራት በኋላ ሰበታ ታክሲ ተራ አገኘኋት። ኮሌጁ ቀጥሯታል፤ ከተጂ ወዲያ ሩቅ ነው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች። የኦሮምኛውን ገጽ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ በእጇ ወስዳ አድላለች። ለጥናቷ ካነጋገረቻቸው ገበሬዎች ግማሾቹ ከቦታቸው እንዳልነበሩ፣ ለእነሱ የሚሆነውን ለጎረቤት ሰጥታ እንደመጣች ነገረችኝ።

«እናትሽስ አየችው?» አልኳት።

«ማንበብ አትችልም፤ አነበብኩላት። ስጨርስ ‹አባትሽ የቱ ጋ ነው ያለው?› አለችኝ። ቃለ መጠይቅ ከተደረገላቸው አርሶ አደሮች አንዱ ነው አልኳት። እሷም መልሺና ያንን አንብቢልኝ አለች።»

ቤቴ የት እንደሆነ ያን ጊዜም ልነግራት ፈለግሁ። ረዳቱ የተጂ ታክሲ መሙላቱን ሲጮህ ጉንጬን ስማኝ ገባች። እኔም የፉሪውን ልጠብቅ ተሰለፍኩ።