ለሐጂ የላክኋቸው ሁለት መልእክቶች

ጭሮ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የሬዲዮን ሆድ ያወቅሁትም ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጥሜ ነው። ዛሬ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ያቃታቸውን ስልክ እኔ ዘንድ ያመጡታል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እንዲያው እንዲታወቅ ያህል ነው።

የምኖረው ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ግቢው ሦስት ክፍሎች አሉት። አንዱ የእኔ ነው፤ መኝታዬም የሥራ ቦታዬም እሱው ነው። ሁለተኛው አንዲት ልብስ ሰፊ ከሴት ልጇ ጋር የምትኖርበት ሲሆን ሦስተኛው ያን ጊዜ ባዶ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ በደሳ ከተማ ሆነው ቡና ይነግዳሉ፤ ወደ ጭሮ የሚመጡት ሲመቻቸው ነው።

የግቢው በር በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። መቀርቀሪያው ዝጎ ሲወድቅ ለሐጂ ሁለት ጊዜ ደወልኩላቸው። ሁለቱንም ጊዜ «ቶሌ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ የመጣ ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ እኔው አንድ ነገር ሠራሁ። ከውስጥ ወደ መያዣው የሚወድቅ ጠፍጣፋ ብረት ገጠምኩ፤ ከብረቱ ላይ ሽቦ አስሬ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣሁት። የሽቦውን ጫፍ በታጠፈ ቆርቆሮ ሸፈንኩት። ከውጭ የመጣ ሰው ያን ገለጥ አድርጎ ሽቦውን ሲስብ ብረቱ ይነሳል። ቁልፍ መሸከም ቀረ። ያየው ሁሉ ተደነቀ። እኔም አልሰሰትኩም፤ ለውሃ አመላላሹም፣ ለባጃጅ ነጂዎቹም፣ ሬዲዮ ሊያሠራ ለመጣውም ሁሉ ስቤ አሳየሁ።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ የነበሩ ጎረቤታችን አረፉ። ሬሳው ላይ ከተሰገደ በኋላ ወዲያው ወደ ቀብር ተሄደ። እኔ በሃይማኖት ሌላ ብሆንም የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናቸውና ከቀብር አልቀርም። በሠፈራችን ለቅሶ ሲሆን ከየግቢው አንድ ሰው ቤት ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ እቀራለሁ ብላ ነበር።

«ሂጂ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ፤ ነገ ይታዘቡሻል» አልኳት።

«በሩስ አባባ?»

«በሩን ለእኔ ተይው። የእኔን መቀርቀሪያ የሚከፍት ሌባ ገና አልተወለደም።»

እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ እሷ ልጇን ይዛ በኋላ ወጣች።

ከቀብር ስመለስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። የሁለታችንም ክፍል ቁልፍ አልተነካም፤ ቁልፉ የተንጠለጠለበት ብረት ግን ከነምስማሩ ተነቅሏል። ከእኔ ቤት መበየጃዬን፣ ቴስተሬን፣ ሊሠሩ የመጡ አራት ስልኮችንና አንድ ትልቅ ሬዲዮ ወስደዋል። ከእሷ ቤት የስፌት መኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ፈትተው ሄደዋል። ጠረጴዛውና የእግር መርገጫው ቀርተዋል። ለሠርግ ልትሰፋ የተቀበለችው ጨርቅም የለም።

ፖሊስ መጣ። ቃላችንን ተቀብሎ የጠፋውን ዘርዝሮ መዘገበ። ፖሊሱ የግቢውን በር ዙሪያውን አየና «አባት፣ ይህ አልተሰበረም እኮ» አለኝ። «አዎ፣ አልተሰበረም» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሌላ አልነገርኩትም።

ለሐጂ በስልክ ብነግራቸው ኢንሻአላህ ብለው እንደሚረሱት ስለማውቅ በጽሑፍ ማሳወቁን መረጥኩ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ በስልኬ ላይ ገልብጬ ከተነቀሉት የበር ማንጠልጠያዎች ፎቶ ጋር ላክሁት። እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ ሐጂ፤ አሰላሙ አለይኩም። በትናንትናው ዕለት ከቀትር በኋላ ለቅሶ ላይ ሳለን ሌባ ገብቶ የሁለታችንን ክፍል ዘርፏል። የጠፋው ዕቃ ዝርዝር ከታች አለ፤ ለፖሊስም አመልክተናል። እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ ልብስ ሰፊዋ ከእኔ በኋላ ወጥታለች። ስንመለስ የግቢው በር ሳይሰበር ተከፍቶ ተገኝቷል። ቤቱ የእርስዎ፣ ነዋሪዎቹ እኛ ስለሆንን፣ ለግቢው በር ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፍ የብረት መወርወሪያ፣ ለየክፍሉ በምስማር ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ማንጠልጠያ፣ ለመስኮቶቹም ፍርግርግ እንዲያሠሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ብዙ ማመልከቻ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተስተካከለ አላየሁም። ውሸት የለበትም። ስለ ሽቦው አልጻፍኩም፤ የደረሰውን እንጂ የበሩን ታሪክ መተረክ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ሐጂ በማግሥቱ ደወሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ስልኩን ይዛ ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች።

«አባባ፣ ቤቱን ልቀቂ አሉኝ።»

«ለምን?»

«በኋላ የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ በር ከፍተሽ ሄደሻል፣ ግቢዬን ሌባ አስለመድሽብኝ አሉኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ብለዋል።» «ዘግቼው ነው የሄድኩት። ብረቱ ሲወድቅ ሰምቻለሁ።»

ራሴ ደወልኩላቸው።

«ሐጂ፣ ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታለች።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የጻፉልኝ? በኋላ የወጣችው እሷ፣ በሩ ሳይሰበር ተከፈተ። ታዲያ ጅን ከፈተው? ለዘጉት በር መወርወሪያ አሠራለሁ፤ ከፍቶ ለሚሄድ ሰው ምን ልሥራ?»

ሰው ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ዘጉት።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። እሷ በእነዚያ ሁለት ቀናት ቤት ስትፈልግ ዋለች። መኪና የሌላትን ልብስ ሰፊ፣ ያውም ሌባ አስገባች የተባለችን፣ ማን ያከራያል? ትንሿ ከተማ ወሬ ትወዳለች። እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ስለ መቀርቀሪያው ነበር። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ጥፋቱ አሠራሩ ላይ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ የማሳየት ፍቅር ነው፤ በዚያች ከተማ ያን ሽቦ ያልሳበ ሰው ቢፈለግ ሐጂ ብቻ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን መልእክት በቀጥታ ስልኩ ላይ ጻፍኩት።

«ሐጂ፤ የግቢው መቀርቀሪያ ከወደቀ በኋላ ሳላስፈቅድዎ ሌላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከውጭ በሽቦ ይከፈታል። አከፋፈቱን ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ። ቤት ልትጠብቅ የነበረችውንም ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ዘግታ ነው የወጣችው። የሚለቅ ካለ እኔ ልልቀቅ።»

ሐጂ መልስ አልጻፉም። በሳምንቱ ከበደሳ በሚመጣው ሚኒባስ ከአንድ በያጅ ጋር መጡ። በሩ ዘንድ ቆመው ቆርቆሮውን ገልጠው ሽቦውን ሳቡ፤ ብረቱ ተነሳ። መልሰው ለቀው እንደገና ሳቡ።

«ወላሂ፣ ጎበዝ ነዎት» አሉ።

«ነኝ» አልኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግን በግቢዬ ላይ አንድ ምስማር እንኳ እንዳይመቱ። እኔም ሲደውሉልኝ ማሠራት ነበረብኝ።»

በያጁ የብረት መወርወሪያ ገጠመ፣ ማንጠልጠያዎቹን በብሎን አሰረ። ፍርግርጉ ለሌላ ጊዜ ቆየ። ሐጂ ሊሄዱ ሲሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ገብተው «ልጄ፣ ተቀመጪ። ያልኩሽን እርሺው» አሏት። የስፌት መኪናዋ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከዘመዷ የተዋሰችው ላይ ትሠራለች።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አዲሱን ቁልፍ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ሐጂ መልእክትዎን አሳዩኝ። መጀመሪያውኑ ይህን ጽፈው ቢሆን እኮ ይህን ሁሉ ቀን ቤት ለቤት ባልዞርኩ።»

እውነቷን ነው አልኩና ሁለተኛው መልእክት ከመጀመሪያው አጥሮ ይበልጥ ተሳክቶልኛል ብዬ ላነብላት ስልኬን አወጣሁ። እሷ ግን የጀመረችው ልብስ በዚያው ቀን የሚፈለግ ስለነበረ ሳትሰማኝ ወደ ክፍሏ ገባች።