ከቦንዱ ይሻላል ያልኩት አክሲዮን

በባንክ መስኮት ሰው መመለስ ለምጃለሁ። ፊርማው የማይመሳሰል፣ መታወቂያው ያለፈበት፣ ደብተሩን ቤት ረስቶ የመጣ፤ ሁሉንም መልሻለሁ። አንድ ሰኞ ግን የመለስኩት የገዛ አጎቴን ነው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከጂንካ ዳር ቡናና እንሰት ያላቸው ገበሬ። ወረቀታቸውን በመስታወቱ ሥር አስገቡና፣ «ይህን አውጪልኝ ልጄ» አሉ። «ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ሰጥቶኛል። እስከ ዓርብ ቦታዬ ላይ መሠረት ካልጀመርኩ ይነጥቀኛል። ግንበኛው ለድንጋይና ለሲሚንቶ ቀብድ እየጠበቀ ነው።»

ወረቀቱን አየሁት። የባንካችን የአክሲዮን ሰርተፊኬት ነው። የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ድሮ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የመንግሥት ቦንድ ገዝተው ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላ ዋናው ከነወለዱ ተመለሰላቸው፤ በዚያም ወረቀት ሁሉ ቀኑ ሲደርስ ገንዘብ ይሆናል ብለው አመኑ። ከዚያ ሰኞ አንድ ዓመት በፊት ለቤት መሥሪያ ሁለት በሬ ሸጠው ሲመጡ፣ እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ አክሲዮን እንድንሸጥ ኮታ ተሰጥቶን ነበር። የእኔ ገና አልሞላም ነበር። «እንደ ቦንዱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከቦንዱ ይሻላል ጋሼ» አልኳቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ያን ሰኞ መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁና አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የቁጠባ ደብተርዎ ግቢዎ እንደታሰረ በሬ ነው። በፈለጉት ቀን ይፈቱታል።»

«እሺ።»

«ቦንድ በሬዎን ለሰው ለእርሻ እንደ ማከራየት ነው። የሚመለስበት ቀን ይታወቃል፤ የሚሰጥዎት እህልም ቀድሞ ተቆርጧል። ተከራዩ ብዙ ቢያመርት አይጨምርልዎትም፤ ትንሽ ቢያመርትም ያንኑ መክፈል አለበት። ካልከሰረ በቀር በሬዎ ይመለሳል።»

«እሱን አውቀዋለሁ። ይህኛውስ?»

«ይህ ከብዙ ሰው ጋር አዋጥተው የገዙት ላም ነው። እርስዎ አበዳሪ አይደሉም፤ የላሟ ባለቤት ነዎት። ከታለበች፣ ባለድርሻዎቹም ተሰብስበው እንካፈል ካሉ፣ ይደርስዎታል። ካልታለበች የለም። ብትወፍር ድርሻዎ ይወደዳል፤ ብትሞት መጀመሪያ አበዳሪዎች ይከፈላሉ፣ የተረፈ ካለ ነው ባለድርሻ የሚያየው። የሚመለስበት ቀንም የለውም።»

«ድርሻዬን ብፈልግስ?»

«ባንኩ አይመልስም። እግሯን ቆርጠው አይወስዱም። የእርስዎን ድርሻ የሚገዛ ሰው መፈለግ ነው፤ ዋጋውም ገዢው የሚስማማበት ነው።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ይህን አምና ታውቂው ነበር?» አሉ።

«አውቀው ነበር።»

ማክሰኞ የገበያውን ሱቆች አዳረስኩ። አንድ የጅምላ ነጋዴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ትርፍ የሚያካፍለው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል? በግማሽ ዋጋ ከሆነ ልውሰደው» አለኝ። ሌላው ሻይ ጋብዞኝ አይሆንም አለ። አንድ መምህር እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፤ ረቡዕ ማታ ደውሎ ሚስቱ እንዳልተስማማች ነገረኝ። በራሴ በጣም ተናደድኩ። ለሰው ስሸጥ እንዴት ቀሎኝ ነበር!

አርባ ምንጭ ሄጄ ልማርበት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ሐሙስ ጠዋት ከራሴ ደብተር አወጣሁና አጎቴ ቤት ሄድኩ። ከቡናው መሃል ወጡ። አክሲዮኑን በገዙበት ዋጋ እኔ ልግዛው አልኳቸው። የዝውውሩ ውል ተፈርሞ ባንኩ መዝገብ ላይ ስሜ እስኪገባ ሳምንታት ይወስዳል፣ ገንዘቡን ግን ዛሬ ይውሰዱ፣ ግንበኛው ይጀምር አልኩ።

አልተቀበሉኝም። ብሩን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ። «የእኔ ባይሆን፣ ይህን አክሲዮን በራስሽ ገንዘብ ትገዢው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ስሸጥላቸው አልከበደኝም።

«አልገዛም ነበር» አልኩ። «የምማርበት ነው። በፈለግሁት ቀን ላወጣው የምችል ገንዘብ ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«ታዲያ እኔስ?» አሉ።

ብሩን ተቀበሉኝና ሳይቆጥሩት ኪሳቸው ከተቱት። ዓርብ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ሰው የመጣው ግንበኞቹ መሠረቱን እየቆፈሩ ሳለ ነው፤ ቦታው ተረፈ።

አክሲዮኑ ዛሬም በስሜ አለ። አንዳንድ ዓመት ትርፍ ያካፍላል፣ አንዳንድ ዓመት የለም። ለትምህርት አርባ ምንጭ የሄድኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ጨርሼም ወደዚያው መስኮት ተመለስኩ። አጎቴ በዓል ሲሆን ቤታቸው ይጠሩኛል፣ ከሁሉ አስቀድመው ያጎርሱኛል፣ ልጄ ይሉኛል። ባንክ ሲመጡ ግን ከርቀት ሰላም ይሉኝና፣ የእኔ መስኮት ባዶ ቢሆንም፣ ሌላኛው ጋ ሄደው ይሰለፋሉ።