በጾም የተጠበሰ ኦምሌት

ዐቢይ ጾም ነበር። እንቁላል አልቀምስም፤ ግን ጠዋት ጠዋት የምጠብሰው እንቁላል ነው። ጋምቤላ ከተማ የምሠራበት ቁርስ ቤት ደንበኞች አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ባለቤቷም እንዲሁ። ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ዕቃ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ኦምሌት ሳይበሉ አይንቀሳቀሱም።

አንድ ጠዋት አንዱ ሾፌር ሳህኑን መለሰው። የቲማቲም ኦምሌቱ ውሃ ለቆ ዳቦውን አርሶታል። ባለቤቷ ወጥ ቤት ገቡ።

"አንቺ ጾመኛ ነሽ። አትቀምሺም፣ ስለዚህ አታውቂም። ከነገ በትልቁ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ቡኒ እስኪሆን ይድረቅ። እምቢ ካልሽ ሌላ ሰው ይጠብሳል።"

ደሜ ፈላ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ልስላሴው ምን አደረገ? ውሃው የመጣው ከቲማቲሙ ነው። በዚህ ሙቀት ገበያ የሚመጣው ቲማቲም ግማሹ ውሃ ነው። ለመፍጠን ብለው ጥሬውን ክተቺበት ያሉኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ በትልቁስ አልጠብስም" አልኩ። "ሦስት እንቁላል እዚያ ላይ ሲፈስ ይሳሳል፤ ሳላጥፈው ይደርቃል። ነገም የእኔ ከተመለሰ፣ ማንም ሳያስወጣኝ ራሴ እወጣለሁ።"

አፌ ቀደመኝ። ሥራዬን በአንድ ኦምሌት አስያዝኩ፤ ፈራሁም። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

በማግስቱ ቲማቲሙን ሰንጥቄ ፍሬውንና ውሃውን አወጣሁ። ሥጋውን ከሽንኩርት ጋር ለብቻው አበሰልኩት። መጥበሻውን ሳዘነብል ውሃ መውረዱን ሲተው፣ አውጥቼ በረድ አደረግሁት። ከዚያ ወርዱ አንድ ስንዝር የሆነውን ትንሹን መጥበሻ ጣድኩ። ከሰሉን በተንኩት፣ ትንሽ አመድም ነሰነስኩበት። ዘይቱ ሞቀ እንጂ አልጨሰም። የተመታውን እንቁላል አፍስሼ በእንጨት ማንኪያ ዳር ዳሩን ወደ መሃል ሰበሰብኩት። ሥሩ ሲረጋ፣ ላዩ ግን ገና ሲያብለጨልጭ፣ ቲማቲሙን በአንድ ወገን አድርጌ አጠፍኩት። ለአፍታ ያህል ትቼው ሳህን ላይ አንሸራተትኩት። ውስጡን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ለዚህ ምላስ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ሳህኑ የቀረበለት ያው የትናንቱ ሾፌር ነበር። ባለቤቷ አጠገቡ ቆሙ። እኔም ሽርጤን እንደታጠቅሁ ወጣሁ።

በሹካው ነካ አደረገው። "ይሄ ጥሬ አይደለም እንዴ?"

"ጥሬ አይደለም ወንድሜ፣ ለስላሳ ነው። ቅመሰው።"

ቆረሰው። ሳህኑ ደረቅ ነው፤ ጠብታ ውሃ የለም። በላ። ሳህኑንም በዳቦው ጠረገ።

"ጥሩ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጨው ግን አንሶታል።"

ባለቤቷ ዞር ብለው አዩኝ። አልቀመስኩማ! ይህን መካድ አልችልም። ግን ከምድጃዬ የሚያስነሳኝ ጨው አይሆንም።

"ጨው ጠረጴዛው ላይ አለ" አልኩና፣ የሚቀጥለውን እንቁላል ልሰብር ገባሁ።