የላሊሴ የመክፈቻ አሥር ደቂቃ

እህቴ ላሊሴ ካረፈች ወዲህ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ስለ እሷ ብዙ ይነግሩኛል። ግማሹ ልክ አይደለም። «ቀልደኛ ነበረች» ይላሉ፤ ላሊሴ ቀልድ አይሆንላትም ነበር፣ ሌላው ሲቀልድ ግን ከሁሉ ቀድማ ትስቃለች። «ሰው ፊት መቆም አይከብዳትም» ይላሉ፤ ሥልጠና በምትሰጥበት ቀን ቁርስ አይወርድላትም ነበር። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነውና ያልተጣራ ነገር ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ጠዋት እጽፋለሁ።

ላሊሴ ተወልዳ ያደገችው ሰበታ ነው። በእንስሳት እርባታ ተመርቃ ከተጂ እስከ ሱሉልታ የወተት ላም አርቢዎችን ታሠለጥን ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ ላም እውቀቷ ነው። እሷ የምትኮራው ግን በሥልጠናው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር። «ሰው ልናገር ወይስ ዝም ብዬ ምሳ ልጠብቅ ብሎ የሚወስነው ያኔ ነው። አንዴ ዝምታውን ከመረጠ የእኔ እውቀት አይመልሰውም» ትለኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ እኔ ሱሉልታ በሚገኝ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የማኅበሩ ወተት እየጎመዘዘ ከመረከቢያው ይመለስ ጀመር። ገዢው «በዚህ ወር ካልተስተካከለ ውላችን ይፈርሳል» አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ አባላቱ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሄደዋል፤ ወተቱም ተመልሷል። ሥልጠናው ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነበር፣ ግን ማንም አይናገረውም፦ በአባልነት ተመዝግበው የሚሠለጥኑት ወንዶቹ ናቸው፣ የሚያልቡት ሴቶቹ ናቸው። ላሊሴ ስትጠራ «የሚያልብ ሰው ካልመጣ አልመጣም» አለች። ስለዚህ ሴቶቹም መጡ። እነሱ ካልተናገሩ ሦስተኛው ሥልጠናም ከንቱ ነው።

አዳራሹ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ እንደ ትምህርት ቤት ተደርድረው ነበር። ላሊሴ ቀድማ ገብታ ዙሪያውን ክብ አደረገቻቸው፤ ኋላ የሚባል ቦታ እንዳይኖር ብላ። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ «አካም ቡልተን? ደህና አደራችሁ?» እያለች አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው።

ሞቱማ የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ ገና ከመግባቱ «እህቴ፣ አበል አለው ወይስ እንደ ባለፈው ምክር ብቻ ነው?» አላት።

«ምሳ አለ፣ ምክር የለም» አለችው።

«ምክር ከሌለማ እስከ ማታ እቆያለሁ!»

ሳቁ አለፈና መተዋወቅ ጀመሩ። ላሊሴ እያንዳንዱ ሰው ራሱን ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን እንዲያስተዋውቅ ጠየቀች፤ ስሙን፣ ከዚያም የሚያደንቅለትን አንድ ነገር። ሰው ስለ ራሱ ለመናገር ያፍራል፣ ስለ ጎረቤቱ ግን አይሰንፍም። ብዙ ቦታ የሠራላት ዘዴ ነው። ሞቱማ ጎረቤቱን «ይኼ ሰው ላሙን ከሚስቱ በፊት ሰላም ይላል» ብሎ ሲያስተዋውቅ ክቡ ሞቅ አለ።

ተራው ወርቅቱ ጋ ደረሰ። ወርቅቱ ወጣት ናት፣ ቀይ ሻርፕ አድርጋለች። ያለችበትን ጉድ ያስተዋልኩት አጠገቧ ያለውን ሰው ሳይ ነው፦ የባሏ አባት ኦቦ ዲሪባ። በአካባቢው በቆየው ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በቤት አትጠራም፣ በአዳራሽማ ጭራሽ። ወንበሮቹ ክብ ሲሆኑ ሰዉ እንደመጣለት ተቀምጦ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ኖሯል። ላሊሴ ከተማ ያደገች ናት፤ ወጉን ታውቀዋለች፣ ያን ጊዜ ግን አላሰበችውም።

ወርቅቱ ቆመች። አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ወለሉ አዩ። ከወንዶቹ አንዱ «በይ እንጂ፣ ስሙን ረሳሽው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ሴቶቹ እጃቸውን ሲያጣጥፉ አየሁ፤ እንደ ሌላው ስብሰባ ሁሉ ዝም ብለው ሊውሉ ነው ብዬ አሰብኩ።

ላሊሴ አልሳቀችም፣ አላለፈችውምም። ወደ መሃል ገባች።

«ወርቅቱ፣ ይቅርታ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ሰበታ ሆኜ ያወጣሁትን ጨዋታ እዚህ አመጣሁባችሁ። ቁጭ በይ፣ እህቴ።» ከዚያ ወደ ሁሉም ዞረች። «አብረን የምንውልበትን ደንብ በኋላ እናወጣለን ብዬ አስቤ ነበር። የመጀመሪያው አሁን ይውጣ። ማንም ያልፈቀደውን እንዲናገር አይገደድም። 'እለፉኝ' ካለ ይታለፋል፣ አይሳቅበትም። ተስማማን?»

«ተስማምተናል» አሉ ሴቶቹ። ከወንዶቹ ቀድመው።

ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ትልቅ ወረቀት ላይ ደንቡን በሥዕል ሣለችው፤ ማንበብ የማይችሉም ነበሩና። እጁን ከፍ አድርጎ የሚያሳልፍ ሰው ነበር ሥዕሉ። ሞቱማ «ሰውየው ታክሲ የሚያስቆም ነው የሚመስለው» አለ። ላሊሴ ሳቀችና ቀጣዩን ደንብ ከእነሱ ጠየቀች። የስልክ ድምፅ ይጥፋ አሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አይናገር አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ፣ ማታ ላም ለማለብ እንድንደርስ በጊዜ ልቀቁን አለች። ያንንም ሣለችው፣ ላሙንና ፀሐዩን።

ይሄን ጊዜ ኦቦ ዲሪባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እኔን ግን ወግ አይከለክለኝም» አሉ። «እሷ የእኔን ስም አትጠራም፤ እኔ የሷን እጠራለሁ። ይህች ወርቅቱ ናት። በማኅበሩ የተጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ላሞቹን የምታልበው ግን እሷ ናት። የማደንቅላት ነገር፣ ስትመጣ ላሞቹ በድምፅዋ ይለዩዋታል። እኔን አይለዩኝም።»

«ላሞቹ እውነታቸውን ነው፣ ኦቦ!» አለ ሞቱማ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ወርቅቱም በሻርፗ ውስጥ ሳቀች።

ላሊሴ ሳቁ ሳይበርድ ወደ ዓላማው ገባች። «ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንሄድ ምን መሥራት እንድንችል ትፈልጋላችሁ? እኔ ያሰብኩት ነገር አለ፣ መጀመሪያ ግን እናንተ።»

ላሊሴ ጠበቀች። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን መልሱን ራሱ ይናገር ነበር።

ወርቅቱ እጇን አነሣች። «የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር መቀላቀል እንድናቆም። የማታው በጀሪካን ሞቅ ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ትኩሱን እላዩ ላይ እንገለብጣለን። ጀሪካኑም አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም፣ ውስጡ አይታጠብም። የሚያበላሽብን እሱ ነው። ሁላችንም እናውቃለን።»

ኦቦ ዲሪባ ዞረው አዩዋት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ አባባ?»

ሌላዋም «እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ከማለብ በፊት የላሟ ጡት ስለሚጠረግበት ጨርቅ ጀመረች። እየተሻሙ ሲናገሩ እኔ የቱን እንደምጽፍ ግራ ገባኝ።

ላሊሴ የወርቅቱን ቃል እንዳለ በወረቀቱ አናት ላይ ጻፈች፦ የማታውንና የጠዋቱን ወተት ለየብቻ መያዝ። ከሥሩ ሁለት ዕቃ ሣለች፣ አፋቸው ሰፊ። ራሷ አዘጋጅታ ያመጣችውን የዓላማ ዝርዝር ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ያዘጋጀችው ትምህርት ገና አልተጀመረም ነበር፣ የተመለሰው ወተት ምክንያት ግን በሴቶቹ አፍ ተነግሮ አልቋል።

ቁርስ ያልበላችው እህቴ ያን ጊዜ ከክቡ መሃል ወጥታ ባዶ ወንበር ስባ በሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። «ቀጥሉ» አለቻቸው።