ማህተም የሌለው ሐሙስ

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። መካነ ሰላም ውስጥ የወረዳው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መዝገብ ቤት በእኔ እጅ ሳለ አንድም ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። የገባው በገቢ መዝገብ፣ የወጣው በወጪ መዝገብ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ቀን። ማህተም ያለበትን ለኃላፊው አስገባለሁ፤ ማህተም የሌለውን «ይሄ ምንድን ነው፣ የስኳር መጠቅለያ?» ብዬ ላመጣው ሰው እመልሳለሁ። ሰው ይፈራኝ ነበር። መፈራቴም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ቢፒአር፣ አንድ ለአምስት እየተባለ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስንሮጥ በነበርንበት ዘመን ለቢሯችን ኮምፒውተርና ኢሜይል መጣለት። መጀመሪያ ስከፍተው ኢሜይሉ በአንድ ጉዳይ የተጻጻፍነውን ሁሉ፣ ከነመልሱና ከነመልሱ መልስ፣ በአንድ መስመር ሥር ሰብስቦ ነበር የሚያሳየኝ። አናደደኝ። አሥር ደብዳቤ መጥቶ አንድ መስመር ብቻ ሳይ ዘጠኙን የበላብኝ መሰለኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር መምህር አስጠራሁና «ይሄን መከመሩን አስቁምልኝ። እያንዳንዱ ለየብቻው ይቁም፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ» አልኩት።

«እትዬ፣ ተያይዞ ሲቀመጥ እኮ ነው የሚሻለው። ነገሩ የት እንደደረሰ በአንድ ጊዜ ያዩታል።»

«አንተ ኮምፒውተርህን እወቅ፤ መዝገቡን ለእኔ ተወው።»

ሳቀና ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ አጠፋልኝ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎቹ እንደመጡበት ሰዓት አንድ በአንድ ተሰለፉ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች፣ የአንዱ ጉዳይ ከሌላው ጉዳይ ጋር ተቀላቅሎ። እኔ ግን ሥርዓት የያዘ መሰለኝ።

ከከላላ መንገድ ገባ ብሎ ባለች መንደር ቁርአን የሚያቀሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሳቸውን ሳይ ግን «አሰላሙ አለይኩም ሼህዬ» ነበር የምለው፤ ከልጅነቴ አፌ የለመደው ነው። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ለሰው ቤት ሥራ ሄዳ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ታመሙ። የሐኪሞቹ ወረቀት በደረሰን ጊዜ ተስፋ እንደሌላት በጨዋ ቃል ተጽፎበት ነበር። እሷም አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው፤ አባቷ ዘንድ መመለስ። ከአውሮፕላን ስትወርድ የሚቀበላት እሱ እንዲሆን፣ ሌላ ሰው እንዳይሆን።

ጉዳዩ በአራት ቦታ ይጻጻፍ ጀመር። እዚያ ያለው ቆንስላ፣ አዲስ አበባ ያለው ተመላሾችን የሚረዳ ድርጅት፣ ደሴ ያለው የዞን መምሪያ፣ እኛ። አንዱ ይጽፋል፣ ሦስቱ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ተያይዞ መጣ፤ «ቅዳሜ ጠዋት ትገባለች» ይላል። ቁጥር ሰጠሁት። ሼሁ በገበያ ቀን ሲመጡ ቁጭ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ቅዳሜ» አሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «እንግዲያ ሐሙስ በማለዳ ብነሳ ዓርብ እገባለሁ። ቀድሜ በሩ ላይ እሆናለሁ፤ ኢንሻአላህ።»

«ይደርሱላታል ሼህዬ። ይህንኑ እንዲነግሯት ለቆንስላው እጽፋለሁ። አያስቡ።»

አያስቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

በሚቀጥለው ሳምንት የቢሮው ስልክ ተቆርጦ ነበር። ኢሜይሉ በገመድ አልባ ሞደም ይሠራል፤ ሆኖም አንድ ደብዳቤ እስኪከፈት ሰው አንድ ቂጣ ጋግሮ ይጨርሳል። ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጥሬ ነበር፤ ጎኑ ላይ የወረቀት መያዣ ምልክት ያለበትን፣ ማለትም ሰነድ የተያያዘበትን ብቻ እከፍታለሁ። ማህተም የሚመጣው በዚያ ነው። ሌላው ከርዕሱ አጠገብ የምትታየውን የመጀመሪያ ቃሉን አይቼ አልፈዋለሁ። ከባለ ማህተሙ ደብዳቤ በኋላ የመጡት ደግሞ ሁሉም ርዕሳቸው አንድ፣ መነሻቸውም አንድ ነበር። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» «ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።» በመካከላቸው የሥልጠና ጥሪ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የችግኝ ዘመቻ ማስታወሻ ገብቷል። አመስጋኝ በዛ ብዬ አለፍኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት ፍላሼን ቫይረስ በላብኝና መምህሩን አስጠራሁት። እያጸዳ ሳለ ኢሜይሉ ተከፍቶ አየ።

«እትዬ፣ ይሄ እዚህም እዚያም የተበታተነው ሁሉ አንድ ጉዳይ አይደለም እንዴ? ያልተከፈተም አለበት።»

«ምስጋና ነው። ተወው።»

«እስቲ ለአንድ ደቂቃ ላሰባስበው፤ ካልወደዱት አጠፋዋለሁ።» መልሴን ሳይጠብቅ ማስተካከያው ውስጥ ገባ፤ ያስጠፋሁትን መልሶ አበራው።

ሁለት ገጽ ሞልቶ የነበረው ሰበሰብ አለና የሼሁ ልጅ ጉዳይ አንድ መስመር ሆነ፤ አጠገቡ አሥራ ዘጠኝ የሚል ቁጥር፤ ጽሑፉ ደመቅ ያለ፣ ውስጡ ያልተነበበ እንዳለው። ሲከፍተው ያነበብኳቸው እየተጣጠፉ ስስ መስመር ሆነው ከላይ ቀሩ፤ ያላነበብኳቸው ግን ከታች እንደተዘረጉ ነበሩ። ሦስት ናቸው። አንደኛው የዞን ምስጋና። ሁለተኛው ሰኞ የተጻፈ የቆንስላው መልስ፤ እሱም በምስጋና ይጀምራል፤ ከምስጋናው ወረድ ብሎ፣ «አብራት የምትመጣው ነርስ ቦታ ያገኘችው ሐሙስ ስለሆነ ጉዞው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ትገባለች» ይላል። ሦስተኛው ማክሰኞ ከአዲስ አበባው ድርጅት፦ «ሐሙስ አባቷ እንደሚገኙ አረጋግጡልን፤ ስልካችሁ አይሠራም።»

ወይ ጉዴ! ቀኑ ረቡዕ ነው። ሼሁ ነገ ጠዋት ከቤታቸው ሊነሱ ነው፤ ልጃቸው ነገ ጠዋት ቦሌ ልትወርድ ነው።

መልእክቱን አትሜ ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። ደብዳቤውን አገላበጠና «ማህተም ያለበት ቅዳሜ ነው የሚለው። ይሄኛው እኮ ዝም ብሎ ጽሑፍ ነው፤ በደብዳቤ ያረጋግጡልን» አለኝ። የገዛ ራሴን ቃል ነበር ፊቴ ላይ የሚነግረኝ። «ማህተሙ አፈር ይብላ!» አልኩት። በሃያ ዓመት አንድም ቀን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። ወጥቼ ከመልእክቱ ግርጌ ባለው ቁጥር በራሴ ሞባይል አዲስ አበባ ደወልኩና «አባትየው ይመጣሉ፤ ግን ይዘገያሉ። በሞቴ፣ የትም እንዳትወስዷት» አልኳቸው።

መምህሩ ሞተር ሳይክል ነበረው። በዕድሜዬ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ሼሁ ከደረሶቻቸው፣ ከሚያቀሯቸው ልጆች ጋር፣ ተቀምጠው ሳለ ደረስን። ማወቅ አለባችሁ፤ እኔ ሰው ቤት በሞተር የምመጣ ሴት አይደለሁም። ገና ሳያቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ሞተች?»

«አልሞተችም ሼህዬ! ነገ ነው የምትገባው። ቀኑ ተለውጧል። ይነሱ!»

አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ለደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና መካነ ሰላም ላይ አግኝተን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናቸው። ዕቃ አልያዙም። ለልጃቸው ያዘጋጇትን የማር ዕቃ እንኳ ረስተዋት ነው የሄዱት።

የቀረውን በስልክ ነው የሰማሁት። ልጅቱ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ገባች። የድርጅቱ ሴት ወደ ማረፊያ ልትወስዳት ብትለምን ብትለምን እምቢ አለች። «አባቴ በሩ ላይ እሆናለሁ ብሏል» አለች። ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና በሩን ስታይ ዋለች። ሼሁ ከደሴ በንጋት ተነስተው አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ሰባት ሰዓት ሙሉ። የምትቀመጥበት አቅም የሌላት ልጅ፣ ሰባት ሰዓት።

ሰኞ ያነበብኩት ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ይነሱ ነበር፤ ረቡዕ አዲስ አበባ አድረው ሐሙስ ሦስት ሰዓት በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። ይህን ለመቁጠር መዝገብ አያስፈልገኝም።

አገሯ ገባች። እናቷ መቃብር አጠገብ ባለው ቤታቸው አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ከዚያ ሞተች።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ በዚያችው ሞተር። ሰዉ ዱዓ አድርጎ ሲበተን ወደኋላ ቀረሁ። ሳልናገር ብመለስ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ኃላፊው እንኳ ጥፋቱን በቆንስላው ላይ ጽፎ ዘግቶታል። ግን ያን ሽማግሌ እያየሁ መዋሸት አቃተኝ።

«ሼህዬ፣ መልእክቱ ሰኞ ነው የመጣው» አልኳቸው። «እጄ ላይ ነበር። አልከፈትኩትም። ማህተም የለውም ብዬ አለፍኩት። ያ ሁሉ ሰዓት የእኔ ጥፋት ነው።» እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት አላለቅስም።

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

«እዚያ እንዳየችኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ» አሉ በመጨረሻ። «አባ፣ ለምን ዘገየህ አለችኝ። መንገዱ ነው ልጄ፣ ጭቃው መኪናውን ያዘብን አልኳት። አይዞህ አባ፣ የወሎ መንገድ መቼ አጣሁት ብላ ሳቀች። አምናኝ ነው የሄደች።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ ልጄን ዋሽቼ ሸኝቻታለሁ። አሁን አንቺ እውነቱን አምጥተሽ ውሸታም አታድርጊኝ። መንገዱ ነው በይ።»

«ሼህዬ…»

«መንገዱ ነው በይ፣ ልጄ።»

«መንገዱ ነው» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ ማብሪያ አልጠፋም። በአንድ ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ላይ እዘረጋና እስከ መጨረሻው እወርድ ነበር፤ ምስጋናውንም ከነግርጌው አነበው ነበር። አዳዲስ ሠራተኞች ሲመጡ አስተምራቸው ነበር፤ «እትዬ፣ ይሄን ያህል ጥንቃቄ ለምስጋና?» ይሉኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ለአንዳቸውም ነግሬያቸው አላውቅም። ሼሁም በኋላ አረፉ። የዚያን ሐሙስ ነገር የጠየቀኝ ሁሉ መንገዱ ነው እለዋለሁ።