አቤት ያልተባለበት ስም

ቅዳሜ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከጋሳይ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ፣ ዓይነ ስውሩ የዜማ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ከመሬት ሽግሽጉ ተሰረዙ።

ደብረ ታቦር፣ ንጋት

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የጭነት መኪናው ገብስ ጭኗል፤ እኔ፣ ወደ ስብሰባው የምሄደው ጋዜጠኛ፣ ከሾፌሩ ጎን ነኝ።

«ጋሼ ልበልዎ ወይስ ጓድ?» አለኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ልብስ አይቼ ነው። ካኪ ከለበሰ ጓድ፣ ጥምጥም ካለው መምሬ፣ ቆብ ካደረገ አባ። እርስዎ ግን ኮትዎ አሮጌ ነው፤ ቸገረኝ።»

መንገዱ ጭቃ ነው። ጉና በቀኛችን ጉም ለብሷል።

ጋሳይ አጠገብ፣ አራት ሰዓት

ሰዉ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። መሪጌታው ከፊት ናቸው። መሪጌታ ማዕረጋቸው ስለሆነ እኔም እንዲሁ እጽፋለሁ፤ በአፍ ግን ያስተማሯቸው ሁሉ «የኔታ» ይሏቸዋል። ተማሪ የመምህሩን ስም አይጠራም። መሬት የሚደርሳቸውን ስም የሚያነበው የማኅበሩ ሊቀመንበር ባዬ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው።

ባዬ ሲያነብ ቆይቶ ድምፁ ዝቅ አለ። «የኔታ።»

«ወይ ልጄ» አሉ።

ከወረዳ የመጣው ካድሬ ተነሣ። ወጣት ነው።

«የኔታ የሚባል ስም የለም። ጓድ ጥበቡ ብለህ ጥራ። እሱም እንደ ሌላው አቤት ይበል። ካላለ የለም።»

«እሱ» ሲል ሜዳው አጉረመረመ።

«ጓድ ካድሬ፣ አሉ እኮ። ይኸው ተቀምጠዋል» አለ ባዬ።

«ጥራ!»

ባዬ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፣ ሌላ ሰው ይጥራው።»

«መምሬ ጥበቡ ብንልስ?» አለ አንድ ገበሬ።

«ጓድ!»

«እኔስ አፌን አላበላሽም» አለች አንዲት ሴት። «ልጆቼን ያስተማሩ ሰው ናቸው።»

ካድሬው በእጁ ካለው ዝርዝር በእርሳስ አንድ መስመር ሰረዘ። «የለም። ቀጥል።»

መሪጌታው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አቤት» አሉ።

«አልፏል፤ ተቀመጥ።»

ባዬ የሚቀጥለውን ስም አነበበ።

ከስብሰባው በኋላ

ቤታቸው ደጃፍ አገኘኋቸው። መሬታቸው የገብስ ማሳ ነው፤ ቆሎ ለመለመን መዞር የማይችሉ ተማሪዎቻቸውን ሳይቀር የሚያበላው እሱ ነው።

«አንቱ ጋዜጠኛው ነዎት?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ምን ነበረበት በስሜ ቢጠሩኝ? አቤት እል ነበር።» መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ባዬ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ጥበቡ ብሎኝ ገርፌዋለሁ። ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ በምን አፌ ልቆጣው?»

«ለወረዳው ያመለክታሉ?»

«ማን ነኝ ብዬ? ጓድ ጥበቡ ነኝ ብዬ?»

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ የመሪጌታው ማሳ ለሌሎች ሊከፋፈል በገመድ ተለካ። የገመዱን አንድ ጫፍ የያዘው ባዬ ነበር።