በሴት ወገን የተቆለፈ ኮት

ሽማግሌዎች ደጃፋቸውን ከረገጡ ወዲህ አሰፋች የነቀምቴን ገበያ የምታየው ከአባቷ ትከሻ በላይ ብቻ ሆነ። አባቷ አቶ ገብረክርስቶስ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ አንዲት ዝንብ ልትገባ ሌላዋ መውጣት አለባት። መኪናውን በሩ ላይ ገትረው ይሰፋሉ፤ ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ግን የቁልፍ ቀዳዳ የምትበሳውና የምትዘመዝመው ከመኪናው ጀርባ የተወተፈችው አሰፋች ናት። ልውጣ ብትል በአባቷ ጉልበት ላይ መዝለል ነበረባት።

"ማን ነው የጠየቀኝ?"

"ሰው ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"መሬት ያለው ሰው። ክሩን አቀብይኝ።"

አንድ ቀን በቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ስትፈልግ ፎቶግራፍ አገኘች። ጀርባው ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ። ኮት የለበሰ ጎረምሳ ቆሟል፤ ወገቡ በቀለበት ያልፋል። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ከጎኑ በእንጨት የተደገፈ የባሕር ዛፍ ችግኝ፣ ከኋላው ኮረብታ ላይ ቤተክርስቲያን ይታያል። አገሩን አላወቀችውም።

"አባዬ፣ ሰውየው ይሄ ነው?"

አቶ ገብረክርስቶስ አፋቸው በመርፌ ተሞልቶ ነበር። "ሽማግሌዎቹ ናቸው ያመጡት። ምነው፣ ያስጠላል?"

"ይሄ ከሆነስ እሺ።"

መርፌውን ሳይተፉ ሮጡ። ቡና እስኪፈላ የአሰፋች እሺታ ጠያቂው አገር አኖ ደርሶ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ አሰፋች ጎረምሳውን በየቀኑ ታየው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ግን የእጇ ሙያ የሆነው የቁልፍ ቀዳዳ ዓይኗን ወጋት፤ ኮቱ በሴት ወገን ተቆልፏል። የወንድ ኮት ቀዳዳው በግራ፣ ቁልፉ በቀኝ ነው፤ የዚህ ግን ተገላብጧል።

"አባዬ፣ ይሄን የሰፋው ሰካራም ነው?"

"እኔ ነኝ የሰፋሁት" አሉ ተቆጥተው። "በዕድሜዬ ቀዳዳ ተሳስቼ አላውቅም።"

አሰፋች ፎቶውን መልሳ አየች። አባቷ ቀዳዳ አይሳሳቱም። ደግሞም ይህን ኮት ሲሰፉ አላየችም፤ እሷ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እዚህ ሱቅ ውስጥ ናት።

በማግስቱ በዕድሜ የገፉት ባለ መሬት፣ ቀኛዝማች ሽብሩ፣ ለኮት ሊለኩ መጡ። ሜትሩ ወገባቸውን ለመዞር ስንቅ የሚያስፈልገው ነበር። ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ስታይ ፎቶውን መዘዘች፤ ግን በቀኝ ነው። የፎቶው በግራ ነው። ተመስገን አለች።

ተመስገኗ የቆየው ፎቶ አንሺው ጨመዳ ሱሪ ሊያስጠግን እስኪመጣ ነው። "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ በዕድሜ የአባቷ እኩያ ነው፣ ልጄ ይላታል። አባቷ ለክር ሲወጡ ፎቶውን አቀበለችው። ብርሃን ላይ አዘንብሎ አየው።

"ይሄ በግልባጩ የታተመ ነው። ፊልም ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያንጸባርቃል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው። ደብዛዛው ወረቀቱን ካልነካ ግራው ቀኝ ይሆናል። እይ፣ ጠርዙም ትንሽ ፈዟል። አታሚው ቸኩሏል።"

"እንዴት ይቃናል?"

"በመስታወት እዪው።"

የደንበኞቹ መስታወት ፊት ያዘችው። ቁልፎቹ ወደ ወንድ ወገን ዞሩ። ኮረብታውም ዞረ፤ በየቀኑ ከአባቷ ትከሻ በላይ የምታየው ኮረብታ ሆኖ አረፈ። ቀና ብላ በበሩ አየች። በእንጨት የተደገፈው ችግኝ ዛሬ የስልክ እንጨቱን አልፎ ደመና ይጠርጋል። ጠባሳውም ቀኝ ቅንድብ ላይ ተቀመጠ።

አባቷ ሲመለሱ "ይሄ ቀኛዝማች ናቸው" አለቻቸው።

"አይደሉም አላልኩም።"

"ዛፉ እኮ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፣ አባዬ።"

"'ይሄ ከሆነ እሺ' ብለሻል። ይሄው ነው። ቃል ወጥቷል፣ በሽማግሌ ፊት ተነግሯል።"

በሩ ላይ መኪናው፣ መኪናው ላይ አባቷ። አሰፋች የሙሽራውን ኮት ጭኗ ላይ አድርጋ ቀዳዳ ልትበሳ ተቀመጠች። መቀሱን አነሳች፤ ፎቶውን አየች።

ቀኛዝማች ኮቱን ሊለኩ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። ለበሱ፣ ሊቆልፉ ሞከሩ፣ እጃቸው ባዶ ቀረ። ቀዳዳው በቀኝ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ? የሴት ኮት ነው?"

"እንደ ፎቶው ነው፣ ጋሼ" አለች አሰፋች ከመኪናው ጀርባ አጎንብሳ። "እሺ ያልሁት የፎቶውን ሰው ነው። ፎቶው ልክ ካልሆነ ይነገረኝ።"

አንዱ ሽማግሌ ፎቶውን አየ፣ ቀኛዝማችን አየ፣ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ቀኛዝማች ፎቶው ተገልብጧል እንዳይሉ መቼ እንደተነሱት ሊጠየቁ ነው፤ ኮቱን አወለቁ።

የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም። ያን መሰል ጨርቅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ክረምቱም ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ተባለ።

አቶ ገብረክርስቶስ መኪናውን ወደ በሩ ይበልጥ አስጠጉት። አሁን ድመት እንኳ አያሳልፍም። አሰፋች ከጀርባው ተቀምጣ ዝናቡን ታዳምጣለች። አዲሱ ጨርቅ መምጣቱ አይቀርም። የአባቷም ዓይን አይበራም፤ የዚያንም ቀዳዳ የምትበሳው እሷው ናት።